የወተት ወይስ የስንዴ ፕሮቲን? 10 ግራም ሁሌም 10 አይደለም

እሽጉ ላይ «ፕሮቲን 10 ግራም» ቢልም ሰውነት የሚጠቀምበት ሊያንስ ይችላል። ይህን የሚያሳየው ፒዲካስ የሚባለው ነጥብ ነው።

ወተት፦ ነጥቡ 1 ነው። 10 ግራሙ እንዳለ ይቆጠራል።

ሙሉ ስንዴ፦ ነጥቡ 0.4 ገደማ ነው። 10 ግራሙ ወደ 4 ይወርዳል።

ብዙ ሰው «ሆድ ውስጥ ስለማይፈጭ ነው» ይላል። ግን ከስንዴ ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉ ይፈጫል። ዋናው ጉድለት ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም አንዱ የፕሮቲን መገንቢያ፣ ማነሱ ነው፤ ከሚፈለገው 45 በመቶ ገደማ ብቻ ይገኝበታል። 0.45 በ0.9 ሲባዛ ያቺን 0.4 ይሰጣል።

ነጥቡ የሚመዝነው ግን አንዱን ምግብ ለብቻው ነው። ምስር ላይሲን ስላለው የስንዴን ጉድለት ይሞላል። ስለዚህ እያቀላቀለ ለሚበላ ሰው ስንዴው ብዙም አያሳስብም። ትንሽ ለሚበላ ልጅ ወይም አረጋዊ ግን ወተቱን እመርጣለሁ።