ከድራማው ማስታወቂያውን ማውጣት፦ LosslessCut ከወራት በኋላ

LosslessCut ላፕቶፔ ላይ ከገባ ወራት አልፈዋል። ሥራው አንድ ነው። ሪሲቨሩ ፍላሽ ላይ የቀዳውን ድራማ ማስታወቂያውን አውጥቼ ለእናቴ እሰጣታለሁ። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ ከጀርባው የሚሠራው ffmpeg ነው። የወደድኩለት ቪዲዮውን እንደገና ስለማይጨምቅ ነው። የተፈለገውን ክፍል እንዳለ ይገለብጣል፣ አበቃ። ጥራቱ አይነካም። የአንድ ሰዓት ቅጂ እንደገና ሲጨመቅ የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቡና ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ እስከ በረካ ይጠጣል። በዚህኛው ግን ፋይል ከመገልበጥ የዘለለ ጊዜ አይወስድም።

ፍጥነቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። በቴሌቪዥን ስርጭት ውስጥ እያንዳንዱ ምስል ሙሉ አይደለም። ኪፍሬም የሚባለው ሙሉ ምስል የሚመጣው በየግማሽ ሰከንዱ፣ ሲዘገይም በየአንድ ሁለት ሰከንዱ ነው። በመሃል ያሉት የያዙት የተለወጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይጨመቅ የሚቆረጥ ቁራጭ ከኪፍሬም መጀመር አለበት። መጨረሻው ላይ ይህ ግዴታ የለም።

Keyframe cut የሚለው ምርጫ ሲበራ መነሻው ወደኋላ፣ ወደ ቅርቡ ኪፍሬም ይሸሻል። ያኔ የሳሙና ማስታወቂያው ጭራ ይቀራል። ሲጠፋ ደግሞ ድምፁ ካላችሁበት ቦታ ይጀምርና ምስሉ ቀጣዩን ኪፍሬም እስኪያገኝ ደርቆ ይቆያል። እኔ ሁልጊዜ አበራዋለሁ። መነሻውን የማደርገው ማስታወቂያው ካለቀ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ኪፍሬም ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ድራማው ከመመለሱ በፊት የጣቢያው አርማ ወይም የድራማው መግቢያ ብልጭ ስለሚል ከታሪኩ የሚጠፋ ነገር የለም።

አሁን ወደ ድምፁ። በቅርቡ የቆረጥኩት ክፍል አራት ቦታ ማስታወቂያ ገብቶበት ነበር። አምስት ቁራጭ፣ አራት መጋጠሚያ ማለት ነው። በሰከንድ 25 ምስል ስለሆነ አንዱ ምስል 40 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ድምፁ ኤምፒ2 ነው፤ የእሱ አንድ ፍሬም 24 ሚሊሰከንድ ነው። ሁለቱ እኩል ስለማያልቁ በየመጋጠሚያው እስከ 24 ሚሊሰከንድ ትርፍ ወይም ጉድለት ሊቀር ይችላል። ድምፅን ከድምፅ፣ ምስልን ከምስል ዝም ብሎ በሚቀጥል ፕሮግራም ይህ ይጠራቀማል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ በአራተኛው መጋጠሚያ 96 ይደርሳል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቢቲ.1359 በተባለው ምክረ ሐሳቡ እንዳስቀመጠው፣ ድምፁ 45 ሚሊሰከንድ ያህል ከቀደመ ተመልካች ይነቃበታል። ከዘገየ ግን እስከ 125 ድረስ አይታወቅም። ስለዚህ 96 ሲዘገይ ያልፋል፣ ሲቀድም ያስጠላል።

LosslessCut ቁራጮቹን የሚያጋጥመው በፋይሉ ውስጥ ያለውን የሰዓት ምልክት ይዞ ነው። የሚቀጥለው ቁራጭ ድምፅም ምስልም ከአንድ ነጥብ ይነሳሉ። ልዩነቱ መጋጠሚያው ላይ ጆሮ የማይለየው ክፍተት ሆኖ ይቀራል እንጂ ወደሚቀጥለው አይተላለፍም። እስካሁን የመጨረሻው ትዕይንት ላይ አፍና ድምፅ ተለያይተው አላየሁም፤ ዝናብ ከሌለ።

ዝናብ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ሲግናሉ ሲቆራረጥ ከቅጂው ውስጥ ድምፅም ምስልም ይጎድላል፣ ግን እኩል አይጎድልም። ጥፋቱ ከየት እንደመጣ መለየት ቀላል ነው። መዛነፉ ከመጋጠሚያው ጀምሮ ከሆነ አቆራረጡ ነው። ቁራጭ መሃል ላይ፣ ምስሉ ካሬ ካሬ ከሆነበት ቦታ ከጀመረ ግን አቀባበሉ ነው። እንዲህ ሲሆን ከመቁረጤ በፊት ፋይሉን ወደ ኤምኬቪ አዞራለሁ፦

```
ffmpeg -i drama.ts -map 0:v:0 -map 0:a:0 -c copy drama.mkv
```

ይህም አይጨምቅም። አንዱን ምስልና አንዱን ድምፅ ብቻ ወስዶ ሌላውን ኮተት ይጥላል። ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ የተበላሸውን ሰከንድ ልክ እንደ ማስታወቂያ ቆርጬ አወጣዋለሁ። ቀጣዩ ቁራጭ እንደ አዲስ ስለሚጀምር ሁለቱ እንደገና ይገናኛሉ። አንድ ሁለት ቃል ይጠፋል፣ ምን ይደረግ።

Smart cut የሚባለውን ሠሪዎቹ ራሳቸው የሙከራ ነው ስለሚሉት አልነካውም። ጥቁር ምስል ፈልጎ የማስታወቂያውን ድንበር የሚጠቁም ምርጫም አለ። እኔ የምቀዳው ጣቢያ ግን ከተዋናይዋ እንባ በቀጥታ ወደ ቀለም ማስታወቂያ ስለሚዘል አይሠራልኝም። በእጅ፣ መነሻውን በ I፣ መጨረሻውን በ O አደርገዋለሁ። ምስሉ ግርጌ ላይ የሚሮጠው የስፖንሰር ጽሑፍ ደግሞ በየትኛውም መቁረጫ አይወጣም።

ጥሬውን ፋይል እናቴ አይታ እስክትጨርስ አልደመስሰውም። ፕሮግራሙ ምልክቶቼን በ .llc ፋይል አጠገቡ ያስቀምጥልኛል። አንድ ቦታ ካላማራት እሱን ከፍቼ አንዱን መነሻ ብቻ አንቀሳቅሼ እንደገና አወጣዋለሁ።