ምጣድ ከመግዛታችሁ በፊት ምስጋናውን ደግማችሁ አንብቡት

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። በቴሌግራም ምጣድ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ገዢዎች የጻፉለትን ምስጋና እየለጠፈ ገበያ እየሳበ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ምስጋናዎች ሽሙጥ መሆናቸው ነው። ማራኪ የምትኖር ጎረቤቴ ምስጋናዎቹን አምና ምጣድ ገዛች። ልመልስ ስትለው «ሰው ሁሉ እያመሰገነ አንቺ ብቻ ምን ሆንሽ?» አላት። ምጣዱ እስካሁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

የለጠፋቸውን አብረን እንያቸው። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «እግዜር ይስጣቸው፣ ዘንድሮ ክረምቱን ብርድ አላየንም። ቤቱ ሁሉ ሞቀልን።» ክረምት ላይ የጎንደርን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ምጣድ የሚገዛው እንጀራ ለመጋገር ነው። ደህና ምጣድ ሙቀቱን ወደ ላይ፣ ወደ ሸክላው ነው የሚልከው። ቤቱ እስኪሞቅ ድረስ ሙቀቱ በሥርና በጎን ካመለጠ፣ ለዚያ ሁሉ የመብራት ሂሳብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ማንኛውም ምጣድ ማድ ቤቱን ትንሽ ማሞቁ አይቀርም፣ እሱ አይደለም ነገሩ። ሰውዬው ስለ እንጀራው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዕቃው ለተገዛበት ሥራ ሳይሆን ለሌላ ነገር ሲመሰገን ቆም በሉ።

ሁለተኛው «መብራት ቆጣቢ ነው፣ ተባረኩ» ይላል። ነጋዴው የለጠፈው ይህንን ብቻ ነው። ጎረቤቴ ጸሐፊውን ፈልጋ ስታገኘው ሙሉው ሌላ ሆነ፦ «መብራት ቆጣቢ ነው፣ ተባረኩ። ገና ስሰካው የቤቱ መብራት በሙሉ ድርግም አለ።» ሽሙጥ ብዙ ጊዜ መርዙን የሚያስቀምጠው መጨረሻው ላይ ነው። መጨረሻው ሲቆረጥ የቀረው ንጹህ ምስጋና ይመስላል። ስለዚህ ተቆርጦ የተለጠፈ ጽሁፍ ካያችሁ ሙሉውን ጠይቁ።

እዚህ ላይ ግን ለነጋዴውም ፍትሐዊ እንሁን። ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። የቤቱ መስመር ደካማ ከሆነ ደህናው ምጣድም መብራቱን ሊጥለው ይችላል። ሽሙጥ መሆኑን ማወቅ ሰውዬው መከፋቱን ነው የሚነግራችሁ። ጥፋቱ የምጣዱ ይሁን የመስመሩ ገና መጣራት አለበት።

ሦስተኛዋ ጎረቤቴን ያታለለቻት ናት፦ «የእንጀራው ዓይን መሐል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እድሜ ይስጥልን።» ዓይናማ እንጀራ ማን ይጠላል? ግን «መሐል ላይ» የሚለውን ደግማችሁ አንብቡት። ዳሩስ? ዳሩ አልበሰለም። የምጣዱ ሽቦ ዳር ድረስ እኩል ካልተዘረጋ መሐሉ ሲበስል ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ጎረቤቴ ቤት የሆነው በትክክል ይኸው ነው።

ምርቃቱን አይታችሁ ግን አትፍረዱ። እኛ ዘንድ የተደሰተውም ይመርቃል፣ የተከፋውም ነጋዴን ፊት ለፊት ከመስደብ ይልቅ መርቆ ያልፋል። ከምርቃቱ በፊት የተባለውን ነው ማየት።

የልብ ምስጋና ምን እንደሚመስል ደግሞ ከሌላ ሻጭ የገዛች አንዲት እናት የጻፉትን ልንገራችሁ። «ሁለት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ላይ እንጀራው ይይዝብኝ ነበር። በጎመን ዘር ደጋግሜ ሳሟሸው ለቀቀ። ለመሞቅ ትንሽ ይዘገያል፣ ከሞቀ በኋላ ግን ዳር እስከ ዳር ያበስላል።» ጊዜ አለው። እንከን አለው። እንከኑን እንዴት እንዳስተካከሉትም አለው። የተደሰተ ሰው ጉድለቱን ለመናገር አይፈራም። «አሪፍ ነው» ብቻ የሚለው ግን እውነት ቢሆንም ምንም አይነግራችሁም።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ ጸሐፊውን በቀጥታ ጠይቁት። «በጣም ጥሩ ነው ወይ?» አትበሉት፣ ሽሙጡን ሊቀጥልበት ይችላል። «ዳሩ ይበስላል? ስንት ጊዜ ጋገራችሁበት?» በሉት። የተከፋ ሰው ከልቡ ለጠየቀው ሰው ቁም ነገሩን ያወራል።

ብር ከመክፈላችሁ በፊትም ምጣዱን ሱቁ ውስጥ አሰኩት። ሲሞቅ ቆንጠር አድርጋችሁ ዱቄት መሐሉ ላይም ዳሩ ላይም በትኑ። መሐሉ ጠቁሮ ዳሩ ነጭ ከሆነ አትግዙት። «ሱቅ ውስጥ አይሰካም» የሚላችሁ ከሆነም ወደሚሰካላችሁ ሂዱ።