ለትንሽ የሂሳብ ቢሮ ድረ ገጽ፦ ከሦስቱ የመክፈቻ ጽሑፎች የትኛው ይሻላል?

አንድ የሦስት ሰው የሂሳብ ቢሮ አለዎት እንበል። ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች በየወሩ ሂሳብ ትይዛላችሁ፣ ደመወዝ ታሰላላችሁ፣ ግብር ታሳውቃላችሁ። ኦዲት አትሠሩም። ለድረ ገጻችሁ ጸሐፊ ቀጠራችሁ፤ ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ ለሚታየው ቦታ ሦስት ረቂቅ ይዞ መጣ።

የመጀመሪያው «የስኬትዎ ታማኝ አጋር» ይላል። ለጆሮ ያምራል። ግን የቢሮውን ስም በእጅዎ ሸፍነው ያንብቡት። ባንክም፣ የሕግ ቢሮም፣ ኢንሹራንስም ሊለው ይችላል። «ሂሳብ» የሚል ቃል እንኳ የለውም። ይህን አይውሰዱ።

ሁለተኛው «ደረሰኝ ተቆልሎብዎት የግብር ቀን ደረሰ?» ነው። ይህ የተጨነቀን ሰው ቀጥታ ያገኘዋል። ሆኖም ሥራውን እናንተ ትሠሩለት እንደሆነ፣ ሶፍትዌር ትሸጡለት ወይም ሥልጠና ትሰጡት እንደሆነ አይነግረውም። መዝገቡ የተስተካከለለት፣ ግን የሂሳብ ሠራተኛው የለቀቀበት ሰው ደግሞ «ይሄ እኔን አይመለከትም» ብሎ ያልፋል።

ሦስተኛው እንዲህ ነው፦ «ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች በየወሩ ሂሳብ እንይዛለን፣ ደመወዝ እናሰላለን፣ ግብር እናሳውቃለን።» ከሥሩ፦ «ደረሰኞችዎን በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልን፤ ወር በገባ በ10ኛው ቀን ሪፖርትዎ ይደርስዎታል።» ቁልፉ ላይ «የ20 ደቂቃ ቀጠሮ ይያዙ» ይላል።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ማን ምን እንደሚሠራ በግልጽ ይታያል፤ ደንበኛውም ከእሱ የሚጠበቀውን ያውቃል። ኦዲት ፈልጎ የመጣ ሰውም ሳይደውል ይረዳል፤ የእሱም የእናንተም ጊዜ አይባክንም።

ብዙ ባለቤቶች እዚህ ላይ ይፈራሉ። «ምግብ ቤትና ሱቅ ካልን ሌላው አይሸሽም ወይ?» ፍርሃቱ ተገቢ የሚሆነው ግማሽ ያህሉ ደንበኛችሁ ከሌላ ዘርፍ ከሆነ ነው። ያኔ በዘርፍ ፋንታ በመጠን ጻፉት፦ «እስከ 20 ሠራተኛ ላላቸው ድርጅቶች»። «ለሁሉም ዓይነት ድርጅት» ካላችሁ ግን ወደ መጀመሪያው ረቂቅ ተመለሳችሁ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሁለት ድክመት አለው። አንደኛ፣ የ10ኛው ቀን ቃል የሚጠበቀው ደረሰኙ በጊዜ ከመጣ ብቻ ነው። «እስከ 3ኛው ቀን ከላኩልን» የሚል ይጨመርበት፤ አለዚያ በራሳችሁ ጽሑፍ ትከሰሳላችሁ። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ረጅም ነው። ኮምፒውተር ላይ ደህና የነበረው ስልክ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ትልቅ ከሆነ፣ ከላይ ደግሞ ሰፊ ፎቶ ከተቀመጠ፣ ቁልፉ ከስክሪኑ ውጭ ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን ፎቶውን አሳንሱ እንጂ «ሂሳብ እንይዛለን» የሚለውን አትቁረጡ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ረቂቁን ስልክ ላይ አድርጋችሁ፣ ቢሮውን ለማያውቅ ሰው ለ5 ሴኮንድ አሳዩት። ደብቁና «ምን ይሠራሉ? ለማን?» ብላችሁ ጠይቁት። «ከቢዝነስ ጋር የተያያዘ ነገር» ብሎ ከመለሰላችሁ ረቂቁን ለጸሐፊው መልሱለት።