ዋይፋዩ አለ፣ ኢንተርኔቱ የለም፦ ወራት ስለተጠቀምኩበት ራውተር

ይሄን ራውተር ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ የሸጠልኝ ልጅ አሁንም በሱቁ በኩል ሳልፍ ሰላም ይለኛል። እኔም አጸፋውን እመልሳለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለውን ቢያውቅ ግን ፊቱን ያዞር ነበር።

ጥሩውን ተናግሬ ልገላገል። ሲግናሉ ጠንካራ ነው። ሳቢያን ያለው ቤታችን ወደ ጓሮ የሚረዝም ስለሆነ፣ ፋይበሩን ሲያስገቡልን የሰጡን ነጭ ሞደም ከሳሎን አያልፍም ነበር። አሁን ጓሮ ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ ቪዲዮ አያለሁ። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ሲመሽ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት፣ እንግዶች ከየሰፈሩ ተሰብስበው ቤቱ በስልክ ሲሞላ፣ ስልኬ ላይ Connected without internet የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው። ከጎኑ ግን ቃለ አጋኖ ቆማለች። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል፤ ከቀናት በኋላ ደግሞ ያው።

ሻጩ ጋ ሄድኩ። «አቦ፣ ኔትወርክ ነው! ራውተሩ ምንም የለውም» አለኝ። መስመሩን ያስገቡልን ሰዎች ጋ ደወልኩ። «ከእኛ በኩል ችግር አይታይም፣ ራውተርዎን አጥፍተው ያብሩት» አሉኝ። ጎረቤት ደግሞ ሙቀት ነው አለ። ድሬ ላይ ሙቀት የማይከሰስበት ነገር የለም። ቬንትሌተር ፊት አስቀመጥኩት፤ ምንም ለውጥ የለም።

ያቺ ጽሑፍ እራሷ ጥፋተኛውን አትናገርም። ስልኩ ዋይፋይ ሲይዝ ጎግል ሰርቨር ላይ ትንሽ ጥያቄ ይልካል። የሚጠብቀው 204 የሚል ባዶ መልስ ነው። መልሱ ካልመጣ «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ስለዚህ ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ደህና ነው፤ የተበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው። ወዲያ ያለው ደግሞ ራውተሩ ራሱ፣ ሞደሙ እና ውጭ ያለው መስመር ነው።

መጀመሪያ የማየው የነጩን ሞደም መብራት ነው። LOS የሚለው ቀይ ከሆነ በፋይበሩ ብርሃን እየመጣ አይደለም ማለት ነው። ያኔ ራውተሩን መነካካት ትርፉ ድካም ነው። ከሞደሙ ጀርባ ያለው ቀጭን ገመድ በሶፋ ተጨፍልቆ ወይም ተጣምሞ እንዳልሆነ አይቼ እደውላለሁ። አንዴ ሰፈራችን መንገድ ሲቆፈር እንደዚህ ሆኖ ነበር። የዚያን ቀን ራውተሬ ንጹህ ነው፤ እውነቱን ልናገርለት።

LOS ጠፍቶ PON ሳይርገበገብ አረንጓዴ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ወዲያው፣ ችግሩ ሳይለቅ፣ ስልኬን ከራውተሩ አውጥቼ የሞደሙን የራሱን ዋይፋይ እይዛለሁ። እዚያ ኢንተርኔት ካለ ጥፋቱ የራውተሩ ወይም ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ነው። እዚያም ከሌለ 192.168.1.1 ብዬ የሞደሙን ገጽ ከፍቼ WAN የሚለውን፣ ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ፣ አያለሁ። 0.0.0.0 ካለ ሞደሙ መስመሩን ይዟል፣ ግን አላስገቡትም፤ ወይ ክፍያው አልፏል፣ ወይ የእነሱ ሲስተም ቆሟል። ሁለቱንም የሚፈቱት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ሻጩ የሚወደው ወጥመድ አለ። የራውተሩን ገጽ ከፍቶ «ይኸው Connected ይላል፣ አድራሻም አለው» ይላል። ወንድሜ፣ ያ አድራሻ እኮ ከሞደሙ የተሰጠው ነው! 192.168.1 ብሎ የሚጀምር የቤት ውስጥ አድራሻ ነው። ፋይበሩ መንገድ ላይ ተቆርጦም ሞደሙ መብራት እስካገኘ ድረስ ራውተሩ «ተገናኝቻለሁ» ማለቱን አይተውም። ከራውተር ጀርባ ሌላ ሞደም ካለ መመልከት ያለባችሁ የሞደሙን WAN ነው።

ራውተሬ የተያዘው አንድ ምሽት ላይ ነው። እህቴ ልጇን በቪዲዮ እያወራች ነበር። የእሷ ጥሪ አልተቋረጠም፣ የእኔ ስልክ ግን ምንም ገጽ አይከፍትም። ይሄ ነው ያነቃኝ። መስመሩ ከሞተ እሷስ በምን ታወራለች? ላፕቶፑን በራውተሩ ዋይፋይ አስገብቼ ሁለት ነገር ጻፍኩ።

```
ping 8.8.8.8
ping google.com
```

የመጀመሪያው መልስ እየሰጠ ወረደ። ሁለተኛው could not find host ብሎ ቆመ። በቁጥር ስጠራው ኢንተርኔቱ አለ፣ በስም ስጠራው የለም። ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው የተኛው። የእህቴ ጥሪ ቀድሞ አድራሻውን ስላገኘ ስም መጠየቅ አላስፈለገውም።

የማን ዲኤንኤስ? ስልኮቹ የሚጠይቁት ራውተሩን ነው። እሱ ጥያቄውን ወደ ሞደሙ ያስተላልፋል፣ ሞደሙ ወደ ድርጅቱ። የሞደሙን ዋይፋይ ስይዝ ሁሉም ገጽ ተከፈተ። ወደ ራውተሩ ተመልሼ ስልኬ ላይ የዋይፋዩን IP settings ከ DHCP ወደ Static ቀየርኩ፣ DNS 1 ላይ 8.8.8.8 ጻፍኩ። በዚያው ራውተር ሁሉም ተከፈተ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? ስልክ ሲበዛበት ጥያቄ ማስተላለፉን ይተዋል፤ ሌላውን ሁሉ ግን ደህና ይሠራል። «ኔትወርክ ነው» ያልከኝ ልጅ፣ እየሰማህ ነው?

መድኃኒቱም ከዚያው ተገኘ። በራውተሩ ገጽ፣ ለስልኮቹ አድራሻ በሚያድለው DHCP Server ውስጥ፣ Primary DNS ላይ 8.8.8.8፣ Secondary DNS ላይ 1.1.1.1 አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኮቹ ራውተሩን ሳይሆን በቀጥታ ውጭ ያሉትን ይጠይቃሉ። ስልኮቹ አዲሱን እንዲይዙ ዋይፋያቸውን አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል። ያቺ ቃለ አጋኖ በራውተሩ ምክንያት ከዚያ በኋላ አልመጣችብኝም። ብትመጣም ቀዩ መብራት አብሮ ይበራል፣ ያ ደግሞ የሌላ ሰው ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን አለ፤ ልጆቹ ከኋላ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ ከነኩ ሁሉም ይጠፋል፣ እንደገና ማስገባት ነው።

ታዲያ ልመልሰው? አልመልሰውም። ማንጎው ሥር የሚደርስ ሌላ አላገኘሁም። ለሰው ግዛ እላለሁ? አልልም። ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ሰው ሥራውን በራሱ እጅ መጠገን የለበትም። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከገንደ ቆሬ ደውሎ «ጋሼ፣ የትኛውን ልግዛ?» ሲለኝ የነገርኩት ይሄን ብቻ ነው። ስለ አንቴናው ብዛት አትስማቸው። እዚያው ሱቁ ውስጥ አስበርተህ የ DHCP ገጹን አስከፍት። ዲኤንኤስ የሚጻፍበት ቦታ ከሌለው፣ ቅናሽም ቢያደርጉልህ ትተህ ውጣ።