ፐርማነንት ወይስ ሴሚ ፐርማነንት? ቤት ውስጥ ፀጉር ለሚቀቡ

ሽበት ሙሉ በሙሉ እንዲሸፈን ከፈለጉ ፐርማነንት ይሻላል። ከፐርኦክሳይድ ጋር ተደባልቆ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ይቀራል፤ በኋላ የሚቀባው ከሥር የበቀለው ብቻ ነው። ሴሚ ፐርማነንት ሳይደባለቅ ይቀባል፣ በታጠበ ቁጥርም ይለቃል። ብዙ ሽበት ግን አይሸፍንም።

ዋናው ልዩነት አለርጂው ላይ ነው። በጥቁርና ቡናማ ፐርማነንት ቀለሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ አለርጂ የሚያስነሳው ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን፣ ባጭሩ ፒፒዲ፣ አለ። ሴሚ ተብሎ ቢሸጥም ከፐርኦክሳይድ ጋር የሚደባለቅ ከሆነ ሊኖርበት ስለሚችል ካርቶኑን ያንብቡ።

አለርጂው ወዲያው ላይታይ ይችላል። ቅዳሜ ማታ የተቀባች ሴት እሑድን ደህና ውላ ሰኞ ጠዋት ዓይኗ አብጦ፣ ጆሮዋና አንገቷ እያሳከካት ልትነሳ ትችላለች። የራስ ቆዳዋ ደህና ሊመስል ስለሚችል ጥፋቱን ለፊት ቅባት ትሰጣለች። ለዓመታት ተስማምቶ የቆየ ቀለምም አንድ ቀን ሊያስቆጣ ይችላል። በጥቁር ሂና ንቅሳት ቆዳው የተቆጣ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ ፒፒዲ እዚያም ይጨመራል።

አለርጂው መኖሩን ለማወቅ የቆዳ ሐኪም 1 በመቶ ፒፒዲ በቫዝሊን ለውሶ ጀርባ ላይ ይለጥፋል። ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሳና ይታያል፤ ከ1 ወይም 2 ቀን በኋላ ደግሞ እንደገና ይታያል። ቤት ውስጥ ከመቀባት 48 ሰዓት በፊት በመመሪያው መሠረት ትንሽ መሞከር ይረዳል፤ የሐኪሙን ምርመራ ግን አይተካም።

ሽበቱ ብዙ ሆኖ ቆዳው ተቆጥቶ ለማያውቅ፣ ፐርማነንት። ሽበቱ ጥቂት ለሆነ ወይም ቀለም መቀያየር ለሚወድ፣ ሴሚ። አለርጂው በምርመራ የተረጋገጠበት ሰው ሴሚም ቢሆን ፒፒዲና ዘመዶቹ እንደሌሉበት ሐኪሙን ሳያማክር አይቀባ።