ፕሮምፕት ወይስ ፋይን ቲዩኒንግ? የዩኒየኑን መልእክት ማን ይለየው

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን እናስብ። ገበሬው በስልክ አጭር መልእክት ይልካል፤ ከመንዝ ስለ በግ፣ ከምንጃር ስለ ጤፍ። ቢሮው ሦስት ክፍል አለው፦ ማዳበሪያ፣ የእንስሳት ጤና፣ ክፍያ። አንድ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መልእክቱን ያነብና ወደየክፍሉ ይመራል። ይህን ሥራ የቋንቋ ሞዴል ይሥራው ከተባለ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ፕሮምፕት ነው። ሞዴሉ እንዳለ ይቀመጣል፤ ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር መመሪያ ይላክለታል። ሁለተኛው ፋይን ቲዩኒንግ ነው። መልሳቸው የታወቀ ብዙ መልእክቶች ይሰጡትና የሞዴሉ የውስጥ ቁጥሮች ራሳቸው ይስተካከላሉ። ከዚያ በኋላ መመሪያ አያስፈልገውም።

እኔ ሁልጊዜ በፕሮምፕት ጀምሩ እላለሁ። ምክንያቱን አንድ መልእክት ያሳያል፦ «የከፈልኩበት ዩሪያ እስካሁን አልደረሰኝም።» ይህ የማዳበሪያ ነው ወይስ የክፍያ? ሞዴሉ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይመራዋል። በፕሮምፕት ከሆነ መፍትሔው አንድ መስመር መጨመር ነው፦

```
መልእክቱን ከሦስቱ ወደ አንዱ መድብ፦ ማዳበሪያ፣ እንስሳት፣ ክፍያ።
ገንዘቡ ተከፍሎ ዕቃው ካልደረሰ፦ ማዳበሪያ።
የክፍሉን ስም ብቻ መልስ።
መልእክት፦ በጎቼ አልበላ አሉ፤ አገጫቸው አብጧል
መልስ፦ እንስሳት
```

ከዚህ በታች ሌሎች ምሳሌዎች ይቀጥላሉ። ከሰዓት በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ መስመሩን ታርማላችሁ፣ አለቀ። ፋይን ቲዩን የተደረገ ሞዴል ላይ ግን ምሳሌዎቹን አርሞ እንደገና ማሠልጠን ይጠይቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት 200 እውነተኛ መልእክት ለብቻ አስቀምጡ። ሁለት ሠራተኞች ሳይተያዩ ይመድቧቸው። እነሱ ራሳቸው በብዙው ካልተስማሙ ችግሩ ሞዴሉ ጋ አይደለም፤ ደንቡ ገና አልጠራም ማለት ነው። ይህን ሳያዩ ለፋይን ቲዩኒንግ ገንዘብ ያወጣ ሰው የሠራተኞቹን ግራ መጋባት ነው የሚያስተምረው።

ታዲያ ፋይን ቲዩኒንግ መቼ ያዋጣል? ሒሳቡን እንሥራ። ሞዴል ጽሑፍን ቶከን በሚባሉ ቁርጥራጮች ከፍሎ ያነባል፤ የሚያስከፍለውም በቶከን ነው። አማርኛ በብዙ ሞዴሎች ላይ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይሰባበራል፤ ስለዚህ ያው ሐሳብ በአማርኛ ውድ ይሆናል። መመሪያውና ምሳሌዎቹ 1,500 ቶከን፣ መልእክቱ 60 ቶከን ነው እንበል። በቀን 300 መልእክት ቢመጣ 468,000 ቶከን ይሆናል። መመሪያው ባይኖር 18,000 ብቻ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል፤ ግን በቀን 300 መልእክት ላለው ቢሮ ምሳሌ አዘጋጅቶ ለማሠልጠን የሚወጣውን ድካም የሚመልስ አይመስለኝም። በቀን 20,000 ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ኔትወርክ ነው። እንዲህ ላለ ምደባ ግዙፍ ሞዴል አያስፈልግም። `xlm-roberta-base` የሚባለው አነስተኛ ሞዴል በነፃ ይወርዳል፤ ከተማረባቸው 100 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አንድ ሁለት ሺህ አጫጭር መልእክት ካላችሁ በአንድ ግራፊክስ ካርድ ላይ ማሠልጠኑ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከዚያ በኋላ ተራ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። ለወረዳ ቢሮ ከዋጋውም በላይ ይህ የሚያጓጓ ይመስለኛል።

እዚህ የሚበላሸው ነገር ግን ዝም ብሎ ነው የሚበላሸው። ማሠልጠኛው ላይ ያለው ስህተት እየቀነሰ፣ ለብቻ ባስቀመጣችኋቸው 200 መልእክቶች ላይ ግን እየጨመረ ከሄደ ሞዴሉ እየሸመደደ ነው፤ እዚያ ላይ አቁሙ። ያው መልእክት በሁለቱም ክምር ውስጥ ካለ ውጤቱ በውሸት ያምራል። ደግሞ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለሞዴሉ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሲሠለጥንም፣ በኋላ ሲሠራም፣ ፊደሎቹን በአንድ ዓይነት መንገድ ወደ አንድ አምጧቸው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። «የዚህን ሳምንት የገብስ ዋጋ በፋይን ቲዩኒንግ እናስተምረዋለን» የሚል ሻጭ ከመጣ አትቀበሉት። ፋይን ቲዩኒንግ አሠራርን በደንብ ያስተምራል፤ የሚለዋወጥ መረጃ ግን አይያዝበትም። ዋጋው ከተለወጠ በኋላ ሞዴሉ ያለፈውን ዋጋ ያለ ምንም ማመንታት ይናገራል፤ ገበሬውም ያንን አምኖ እህሉን ጭኖ ይመጣል። ዋጋ ከመዝገቡ ተነስቶ በየጊዜው ፕሮምፕቱ ውስጥ ነው መግባት ያለበት።

ወደ ፋይን ቲዩኒንግ ከሄዳችሁ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የሠለጠነው ሞዴል ፋይልና የተመደቡት መልእክቶች በማን እጅ ይቀራሉ? በሚቀጥለው ዓመት አራተኛ ክፍል ቢከፈትስ፣ እንደገና ለማሠልጠን ስንት ያስከፍላል?