ሲደመር ይወርዳል፣ ሲከፈል ይወጣል፦ የትኛውን ግራፍ ልምረጥ?

አንድ ዳታ አለ እንበል። ሁሉንም ነጥብ አንድ ላይ ስታዩት መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። በቡድን ስትከፍሉት ግን እያንዳንዱ ቡድን ወደ ላይ ይወጣል። ስሌቱ ሁለቱም ጋ ልክ ነው። ይህ ነገር የሲምፕሰን ፓራዶክስ ይባላል፤ ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ጉዳዩ ከጻፈው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ከኤድዋርድ ሲምፕሰን ነው።

ይህን ለሌላ ሰው ማሳየት ሲኖርባችሁ የትኛው የግራፍ ዓይነት ይሻላል? ሦስት አማራጮችን በአንድ ዳታ ላይ ጎን ለጎን አያቸዋለሁ። ከዚያ ዳታው መቶኛ ሲሆን ወደሚያስፈልገው አራተኛ አማራጭ እሄዳለሁ። የምመዝንበት መስፈርት አንድ ነው፦ ግራፉ አዝማሚያው መገልበጡን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተገለበጠም በዓይን ማሳየት አለበት። ብዙ ግራፎች የመጀመሪያውን ያሟሉና ሁለተኛው ላይ ይወድቃሉ።

ዳታው

በአንታርክቲካ፣ በፓልመር ጣቢያ አካባቢ ባሉ ደሴቶች ላይ ከ2007 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተለኩ ፔንግዊኖች ናቸው። የ342 ወፎች የምንቃር ርዝመትና ውፍረት አለን። ውፍረት ስል ምንቃሩ ከላይ እስከ ታች ያለውን ልክ ማለቴ ነው። ወፎቹ ሦስት ዝርያ ናቸው።

| ዝርያ | አማካይ ርዝመት (ሚሜ) | አማካይ ውፍረት (ሚሜ) | በዝርያው ውስጥ ያለ ኮሪሌሽን |
|---|---|---|---|
| አዴሊ | 38.8 | 18.3 | 0.39 |
| ቺንስትራፕ | 48.8 | 18.4 | 0.65 |
| ጄንቱ | 47.5 | 15.0 | 0.64 |

ሦስቱንም ስትቀላቅሉ ኮሪሌሽኑ -0.24 ይሆናል። ምንቃሩ 1 ሚሊሜትር በረዘመ ቁጥር ውፍረቱ በ0.085 ሚሊሜትር የሚቀንስ ይመስላል። በየዝርያው ውስጥ ግን ወደ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ይጨምራል።

ምክንያቱ ሠንጠረዡ ውስጥ አለ። የጄንቱ ምንቃር ረጅምና ቀጭን ነው። የአዴሊ አጭርና ወፍራም ነው። ስለዚህ የጄንቱ ነጥቦች ከግራፉ በስተቀኝ ታች፣ የአዴሊ ደግሞ በስተግራ ላይ ይሰበሰባሉ። ጠቅላላው መስመር ከአንዱ ክምችት ወደ ሌላው ስለሚሄድ ይወርዳል። ይህ የክምችቶቹ አቀማመጥ ነው ግራፉ ላይ መታየት ያለበት።

አማራጭ 1፦ ሁሉም በአንድ ሳጥን፣ ዝርያው በቀለም

እኔ በመጀመሪያ የምመርጠው ይህን ነው። ነጥቦቹ ዝርያቸውን የሚለይ ቀለም ይይዛሉ። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ መስመር ይኖረዋል። በላያቸው ላይ ጠቅላላው መስመር በጥቁር፣ በተቆራረጠ መስመር ይሰመራል። በR ቋንቋ እንዲህ ይጻፋል፦

```r
library(ggplot2)
library(palmerpenguins)

ggplot(penguins, aes(bill_length_mm, bill_depth_mm)) +
  geom_point(aes(colour = species), alpha = 0.5) +
  geom_smooth(aes(colour = species), method = "lm", se = FALSE) +
  geom_smooth(method = "lm", se = FALSE,
              colour = "black", linetype = "dashed")
```

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ አለ። `colour = species` የሚለውን የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ `ggplot()` ውስጥ ብታስገቡትና ከዚያ `geom_smooth(method = "lm")` ብቻ ብትጽፉ፣ ፕሮግራሙ በየዝርያው ከፍሎ ሦስት መስመር ያወጣል። ጠቅላላው መስመር ሳይሰመር ይቀራል። ስህተት አለ የሚል መልእክትም አይመጣም። ግራፉ ያምራል፣ ግን የምታሳዩት ነገር ግማሹ የለም። ሦስት ዝርያ ካላችሁ መስመሮቹን ቁጠሩ፤ አራት መሆን አለባቸው።

የዚህ ግራፍ ጥንካሬ ተመልካቹ አራቱንም መስመሮች በአንድ መለኪያ ላይ ማየቱ ነው። ሦስቱ መስመሮች ሲወጡ፣ ጥቁሩ ደግሞ በመካከላቸው እያቋረጠ ሲወርድ ያያል። የጄንቱ ክምችት ለብቻው ታች መውረዱም ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ማለትም ምን እንደሆነም ለምን እንደሆነም በአንድ እይታ ይገኛል።

ድክመቱ የቡድኑ ብዛት ነው። እስከ አራት ወይም አምስት ቡድን ድረስ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ቀለሞቹ ይምታታሉ፣ ነጥቦቹም ይደራረባሉ። ሌላው ቀለምን መለየት የሚቸገር አንባቢ ነው። ለእሱ የቀለሙን ዝርዝር ጥግ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ የዝርያውን ስም እክምችቱ አጠገብ መጻፍ ይሻላል። እውነቱን ለመናገር ለሁሉም አንባቢ የሚሻለው ይኸው ነው።

አማራጭ 2፦ ለየቡድኑ የራሱ ሳጥን

ቡድኖቹ ብዙ ከሆኑ ወደዚህ እንሄዳለን። `facet_wrap(~ species)` ብትጨምሩ ሦስት ትንንሽ ግራፎች ጎን ለጎን ይወጣሉ። እያንዳንዱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ መደራረብ የለም።

ግን አንድ ወጥመድ አለው። ሳጥኖቹ ባዶ ቦታ ሲበዛባቸው ሰው `scales = "free"` ይጨምራል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሳጥን የራሱን መለኪያ ይይዛል። ነጥቦቹ በየሳጥናቸው መሃል በሥርዓት ይቀመጣሉ። ጄንቱ ከሌሎቹ 3 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ ከዓይን ይጠፋል። የቀረው ሦስት ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ብቻ ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ግራፍ ለሥራ ባልደረባዬ አሳይቼ ነበር። “ሁሉም ከወጡ ድምሩ እንዴት ወረደ?” አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነበር። ግራፉ ላይ መልሱ አልነበረም፤ መልሱን ያጠፋሁት መለኪያውን ስለቀየርኩ ነው።

ስለዚህ ይህን አማራጭ ከመረጣችሁ መለኪያው ለሁሉም አንድ ይሁን። ባዶው ቦታ ይኑር፤ እሱም የሚናገረው ነገር አለው። ከዚያ በየሳጥኑ ጀርባ ላይ የሁሉንም ወፎች ነጥብ በደብዛዛ ግራጫ አስገቡ። ዝርያውን የሚገልጸውን ዓምድ ካወጣችሁት ዳታው በሁሉም ሳጥን ይደገማል።

```r
all_birds <- subset(penguins, select = -species)

geom_point(data = all_birds, colour = "grey85")
```

ይህን ንብርብር ከቀለሙ ነጥቦች በፊት አስቀምጡት። አሁን ተመልካቹ የጄንቱን ሳጥን ሲያይ “ይህ ቡድን ከጠቅላላው ውስጥ የት ነው ያለው?” ለሚለው መልስ ያገኛል። እንዲህ ከተስተካከለ አማራጭ 2 ከአማራጭ 1 ብዙም አያንስም። ከስድስት ቡድን በላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጠዋል።

አማራጭ 3፦ በፊትና በኋላ

በግራ በኩል ሁሉም ነጥብ ጥቁር ሆኖ፣ አንድ የሚወርድ መስመር ይዞ ይታያል። በቀኝ በኩል ያው ነጥብ ቀለም ለብሶ፣ ሦስት የሚወጡ መስመሮች ይዞ ይታያል። ስላይድ ላይ ተራ በተራ ለማሳየት ይህን የሚያህል የለም። ተናጋሪው መጀመሪያ ግራውን ያሳያል፣ ሰው ያምናል፣ ከዚያ ቀለሙ ሲመጣ ሐሳቡን ይለውጣል። ለኅትመት ግን አልመክረውም። አንባቢ ግራውን ብቻ አይቶ ሊያልፍ ይችላል። ምስሉ ለሁለት ተቆርጦ ግራው ብቻውን ቢዞር ደግሞ የተሳሳተ መልእክት ይዞ ነው የሚዞረው።

ዳታው መቶኛ ሲሆን

አንዳንዴ ነጥብ የለም፤ ያለው ስንት ከስንት ተሳካ የሚል ቁጥር ነው። የታወቀው ምሳሌ በ1986 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የታተመው የኩላሊት ጠጠር ሕክምና ጥናት ነው። ክፍት ቀዶ ሕክምና ከ350 ሕሙማን 273ቱ ላይ ተሳካ፤ 78 በመቶ ነው። በትንሽ ቀዳዳ በኩል የሚደረገው ሕክምና ደግሞ ከ350 ውስጥ 289ኙ ላይ ተሳካ፤ 83 በመቶ። ሁለተኛው የሚሻል ይመስላል።

በጠጠሩ መጠን ሲከፈል ይገለበጣል። ከ2 ሴንቲሜትር በታች ለሆነ ጠጠር ክፍቱ 93፣ ቀዳዳው 87 በመቶ ነው። ለትልቁ ጠጠር ክፍቱ 73፣ ቀዳዳው 69። በሁለቱም ክፍቱ ይበልጣል።

ብዙ ሰው ይህን በባር ግራፍ ያሳያል፤ ለትንሹ ሁለት ባር፣ ለትልቁ ሁለት ባር፣ ለጠቅላላው ሁለት ባር። መገልበጡ ይታያል። ምክንያቱ ግን አይታይም፤ ባሮቹ እኩል ስፋት ስላላቸው 87 ሕሙማንም 270 ሕሙማንም አንድ ይመስላሉ።

የተሻለ አለ። አግድሙ መስመር ላይ ትልቅ ጠጠር ያለባቸውን ሕሙማን ድርሻ፣ ከ0 እስከ 100 በመቶ አድርጉ። ቋሚው ላይ የተሳካለት መቶኛ ይሁን። የክፍቱ ቀዶ ሕክምና መስመር ግራ ጫፍ ላይ ከ93 ተነሥቶ ቀኝ ጫፍ ላይ 73 ይደርሳል። የቀዳዳው ከ87 ተነሥቶ 69 ይደርሳል። የክፍቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በላይ ነው። አሁን በየመስመሩ ላይ ጠቅላላውን ውጤት በወፍራም ነጥብ አስቀምጡ። ክፍቱን ካገኙት 75 በመቶዎቹ ትልቅ ጠጠር ነበራቸው፤ ስለዚህ ነጥቡ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ 78 ላይ ወርዷል። ቀዳዳውን ካገኙት 23 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው፤ ነጥቡ በስተግራ 83 ላይ ከፍ ብሎ ቀርቷል።

ከታች ያለው መስመር ነጥብ ከላይኛው መስመር ነጥብ በላይ የሆነው ለዚህ ነው። ሁለቱም ሕክምና እኩል ድብልቅ፣ ማለትም የጠቅላላው ሕሙማን 49 በመቶ ትልቅ ጠጠር ቢኖራቸው፣ ክፍቱ 83፣ ቀዳዳው 78 ይሆን ነበር። ግራፉ ላይ በ49 ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምሩ ሁለቱንም ቁጥር በጣታችሁ ታነቡታላችሁ። ይህን በባር ግራፍ ማግኘት አይቻልም።

የዚህ ግራፍ ወሰን ሁለት ቡድን ነው። ሦስት የጠጠር መጠን ቢኖር ድብልቁ በአንድ ቁጥር አይገለጽም። ያን ጊዜ ወደ ባሩ ተመለሱ፣ ግን የባሩን ስፋት በሕሙማኑ ቁጥር ልክ አድርጉት።

አንድ ነገር ደግሞ የትኛውም ግራፍ አይነግራችሁም፦ መከፋፈሉ ራሱ ተገቢ ነው ወይ? የጠጠሩ መጠን ሕክምናው ከመመረጡ በፊት የነበረ ነው፤ ክፍቱን ያገኙትም በብዛት ትልቅ ጠጠር የነበራቸው ናቸው። ስለዚህ መከፈል አለበት። የደም ግፊት መድኃኒት ብናወዳድርና ሕሙማኑን መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ በተለካ ግፊት ብንከፍል ግን መድኃኒቱ የሠራውን ሥራ ራሱን ቆርጠን መጣላችን ነው። እዚያ ጠቅላላው ቁጥር ይሻላል። እኔ ከግራፉ ሥር ባለው መግለጫ ላይ ቡድኑ መቼ እንደተለካ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ “የጠጠሩ መጠን የተለካው ከሕክምናው በፊት ነው።”